ፎቶ ላይ የበቀለው ጥርስ

ዳቦ ቤቱን የምታስተዳድረውን ሴት ሰፈሩ ሁሉ «እርሾ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ በልጅነቷ ትንሽ ሲነኳት ወዲያው ኩፍ ትል ስለነበር። አሁን የሁለት ልጆች እናት ሆና፣ ዳቦ ቤቱንም ከአባቷ ተረክባ፣ ኩፍ ማለቱን አልተወችም። ደግነቱ ግን ኩፍ እንዳለች አትቀርም፤ ጠጋ ብሎ በነገር ጠቅ ላደረጋት ሰው ሳቋ ይቀድማል።

ያን ሰሞን ግን ሳቅ ጠፍቶባት ነበር። ነገሩ የጀመረው የሊጥ ማቡኪያው ማሽን በሥራ መሀል ጓ! ብሎ የቆመ ዕለት ነው። መካኒኩ መጥቶ የጎኑን ክዳን ሲከፍት፣ መዘውሩን የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ፣ ያ ዙሪያውን እንደ መጋዝ የተቀረጸው ክብ ብረት፣ ጎን ለጎን ሦስት ጥርሱ ረግፎ ተገኘ። «ይኼ ያለ ምትክ አይድንም» አለ መካኒኩ። መለዋወጫው የሚሸጠው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ትልቁ ከተማ ነው። አባቷ፣ ያን ማሽን ከነሣጥኑ ገዝቶ ያስገባው እሱ ስለሆነ፣ «እኔ እሄዳለሁ፤ ይኼን ማሽን እንደ ልጄ ነው የማውቀው» ብሎ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረ። ማታ አዲሱን ጥርስ በካርቶን ታቅፎ እየሳቀ ገባ።

በማግስቱ መካኒኩ አዲሱን ጥርስ ዘንጉ ላይ አጠለቀው። መሀሉ ልክክ አለ። ዳሩ ግን ከታች ካለው ከታናሹ ጥርስ ጋር ሊገናኝ አልቻለም። ሦስት ሚሊሜትር ቀረው! በእጅ ሲያዞሩት አየር እየቀዘፈ ይዞራል። «ሞዴሉ አይደለም፤ ይኼ አነስ ይላል» አለና መካኒኩ ነቅሎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው።

አባቷን ያን ጊዜ ባያችሁት! ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ ቀን ሊጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨምሮ፣ ደንበኛው ሁሉ ዳቦ ሳይሆን ውሃ ፍለጋ ሲሯሯጥ ውሎ ነበር። በዚያ ጊዜ አብሮ ስቋል። አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ሽርጡን ፈትቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ እርሾ እጅ ላይ አኖረና «ከእንግዲህ እኔን አትመኑ፤ ጭንቅላቴ ከድቶኛል» አለ። ከዚያ ወዲያ ጓሮ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንዱን ጋዜጣ ሳምንቱን ሙሉ ማንበብ ሆነ ሥራው። ወደ ሊጡ ክፍል ዝር አላለም። እርሾን ከተሰበረው ብረት ይልቅ ያቃጠላት ይኼ ነው። በሽርጡ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ትክክለኛው ጥርስ መጥቶ ማሽኑ ከዞረ ግን ነገሩ ሁሉ ይረሳል፣ አባባም ይመለሳል ብላ አሰበች። ሰው ሲጨንቀው የማያስበው ነገር የለም።

የሱቁ ሕግ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ታትሟል። ዕቃ የሚቀየረው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነው፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ማመልከቻ፣ ደረሰኝ፣ ያልተሠራበት ዕቃ ከነካርቶኑ፣ እንዲሁም የቀድሞው ዕቃ ፎቶ ታትሞ ይያያዛል። ፎቶው ደግሞ ከላይ ቀጥ ብሎ የተነሳ፣ ማስመሪያ አጠገቡ የተቀመጠ፣ የተቀረጸው ቁጥር የሚነበብ መሆን አለበት። «ለመታወቂያም ይኼን ያህል አይጠየቅም!» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ታናሽ እህቷ።

መካኒኩ እሑድ ዕለት የተሰበረውን ጥርስ ፈታ፣ በናፍጣ አጠበ። ፎቶ ከተነሳ በኋላ ለጊዜው የረገፉትን ጥርሶች በናስ ብየዳ ሞልቶ፣ በሞረድ አስተካክሎ ሊመልሰው ነው፤ በግማሽ ሊጥ ቀስ እያለ ይሥራ፣ ከምንም ይሻላል ብሎ። ስለዚህ ዋናውን መላክ አይቻልም፤ ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ጥርሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ማስመሪያ ይዘው፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ወዳለው ፎቶ ቤት ገቡ።

እዚህ ላይ ስለ ፎቶ አንሺው ትንሽ ማለት አለብኝ። ሰፈሩ «አሳምረው» ይለዋል። እሱ ያነሳትን ሙሽራ ባሏ ፎቶው ላይ አይቶ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብሏል ይባላል። ጠባሳ አይወድም፣ ሽበት አይወድም፣ ድርብ አገጭ አይወድም። በእሱ ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ይወጣል። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ክፋት የለበትም። የሰውን ጉድለት አይቶ ማለፍ ግን አይችልም።

«ከላይ ቀጥ አድርገህ፤ ማስመሪያው ይታይ፤ ቁጥሩም ይነበብ» አለችው እርሾ።

«ለኔ ትነግሪኛለሽ?» አለ ቅር ብሎት። ሦስት ጊዜ አነሳ። መካኒኩ ጥርሱን ይዞ ወደ ብየዳው ሮጠ፤ እርሾ ደግሞ ማመልከቻ ልትጽፍ ሄደች።

የጻፈችው ይኼን ነው፦

«ጉዳዩ፦ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ጥርስ እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ አባቴ በዕድሜ መግፋት ምክንያት የመርሳት ችግር ስላጋጠማቸው የተሳሳተ ሞዴል ገዝተው መጥተዋል። ዕቃው ያልተሠራበት ስለሆነ፣ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዘን በላክነው የቀድሞው ዕቃ ፎቶ መሠረት በትክክለኛው እንዲቀየርልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

«የመርሳት ችግር» የምትለዋን ስትጽፍ እጇ ትንሽ ቆም አለ። ሱቁ ይራራልናል፣ ደግሞ አባባ አያየውም፣ ምን ይጎዳል ብላ ቀጠለች። አባቷ በጓሮው በር አንገቱን ብቅ አድርጎ ነበር።

«ጥርሱን እኮ እኔ…» አለ።

«አባባዬ፣ አንተ አረፍ በል። ፎቶው ራሱ ይናገራል።»

አንገቱን መለሰ። አሳምረው ያተመውን ፎቶ ራሱ ኤንቨሎፕ ውስጥ ከትቶ፣ ራሱ አሽጎ አመጣላት። «እንዳይቆሽሽ ነው» አለ። እርሾም አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሳታየው ከማመልከቻው ጋር ካርቶኑ ላይ አሰረችና ለሾፌሩ ሰጠች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ!

መልሱ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ በዚያው ሾፌር እጅ መጣ። የላከው የሱቁ መጋዘን ኃላፊ ነው። እህቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ማመልከቻችሁ ደርሶናል። የተያያዘው ፎቶ ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። የጥርሱ ብዛት አርባ አንድ ነው። ለዚህ ማሽን የሚሠሩት ባለ ሠላሳ ስምንት፣ ባለ አርባና ባለ አርባ ሁለት ብቻ ናቸው። አርባ አንድ የለም። የተመለሰው ሠላሳ ስምንት ነው። ፎቶው ላይ ማስመሪያ ስለሌለ መጠኑን ማወቅ አልተቻለም፤ የተቀረጸ ቁጥርም የለውም። በተጨማሪም ጥርሱ አንድም ስብራት ስለሌለበት ለምን መቀየር እንዳስፈለገ አልገባንም። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም። የፎቶው ቅጂ ለማመሳከሪያ ተያይዟል።»

«ማስመሪያ የለም?» አለች እርሾ። «በእጄ ያስቀመጥኩት ማስመሪያ? ስብራት የለም? ሦስት ጥርስ ረግፎ?»

ፎቶውን ገለጠችው። ወይ ጉድ! ጥርሱ ጥርስ አይደለም፣ የጌጥ ዕቃ ነው። ዝገቱ የለ፣ ጭረቱ የለ፣ ወገቡ ላይ በመዶሻ የተመታው ቁጥር የለ፤ ከበስተጀርባው ሰማያዊ ሰማይና ፈዘዝ ያለ ደመና ይታያል። ክብ ብረቱ ደመናው መሀል እንደ ጨረቃ ተንሳፍፏል።

«እንቁጠረው» አለች እህቷ። ቆጠሩት። እህቷ አርባ አለች፣ እርሾ አርባ አንድ፣ ምድጃው ላይ የሚሠራው ሰውዬ አርባ ሦስት። ሰውዬው የጀመረበትን ረስቶ ሁለት ጥርስ ደግሞ እንደቆጠረ ታወቀ። ጥርስ በጥርስ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ደገሙት። ወረፋ ላይ የቆሙ ደንበኞችም ገቡበት፤ አንዷ «እኔ ዓይኔ ደህና ነው» ብላ መነጽሯን አውልቃ ቆጠረች። አርባ አንድ! ሁሉም አጨበጨበ፤ ለምን እንዳጨበጨቡ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

እርሾ ኩፍ ብላ ፎቶ ቤት ገባች። «ምን አደረግክብኝ?»

አሳምረው ፈገግ አለ። ምስጋና የመጣለት መስሎታል። «አየሽው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የሠራሁት! ያ ማስመሪያ ዓይን ይወጋል፣ አነሳሁት። ወገቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ አጠፋሁለት።»

«ጠባሳ አይደለም፣ ቁጥሩ ነው!»

«ቁጥር? አይ፣ የቆዳ ጠባሳ ነው የሚመስለው። ከዚያ ደግሞ ሦስት ጥርስ የረገፈበት ፎቶ ከእኔ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሞላሁለት። መጀመሪያ ሦስት ባደርግበት ክፍተቱ ሰፋ ሰፋ አለብኝ። አራት ሳደርገው ግጥም!»

«አራት ጨመርክ?»

«በነፃ!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እርሾ ልትጮህ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ ነው። መቆም አቅቷት የሙሽሮች ወንበር ላይ፣ ያ ወርቅ የተቀባው ላይ፣ ከነዱቄቷ ቁጭ አለች። እህቷም ተከትላት መጥታ ስቃ አጠገቧ ወደቀች። አሳምረው ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ እህቷን ያያል። «የመጀመሪያውን ስጠኝና እልካለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች፤ «ያልነካካኸው የታለ?»

«አጠፋሁት» አለ በኩራት። «ደንበኛ አስቀያሚ ፎቶው እንዲቀመጥበት አይፈልግም።»

ከዚህ በኋላ ሳቁ ቀዘቀዘ። ማሽኑን ከፍቶ መቁጠር ይቻል ነበር፤ መካኒኩ ግን ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ቅዳሜ ነው የሚመለሰው፣ «ክዳኑን ያለ እኔ የነካ ጣቱን ይቁጠር» ብሎ ነው የሄደው። የሱቁ አሥራ አምስት ቀን ደግሞ ቅዳሜ ያበቃል። እርሾ ተመልሳ ስትገባ አባቷ ጓሮው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ሳቁን ሰምቶ ነው የተነሳው።

«ቁጥሩ ከሆነ የቸገራችሁ…» አለ።

«አባባዬ፣ አንተ አትጨነቅ» አለችው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ። ዞሮ ተመለሰና ጋዜጣውን አነሳ።

ዓርብ ከቀትር በፊት፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንድ ቀጭን ሰው ከባድ ቦርሳ ይዞ ቆመ። ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት ብዕር፣ መሀላቸው ደግሞ የብረት መለኪያ ተሰክቷል። ዳቦ አልጠየቀም።

«አርባ አንዱ የታለ?» አለ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ነው! አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ መጣ። «እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ። «አርባ አንድ! ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፣ ሰማይ ላይ ነው፣ ጭረት የለውም። በዓይኔ ካላየሁ በሰላም ጡረታ አልወጣም።»

ይህን ስትሰማ እህቷ ሳቋን ይዛ በገንዘብ ሣጥኑ ጀርባ አጎነበሰች። እርሾ ከንፈሯን ነክሳ ስለ አሳምረው ነገረችው። ሰውዬው ጆሮውን ማመን አቃተው። «ለጥርስ… ሜካፕ?» አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ሳቁ ሲያመልጠው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ታፍኖ የኖረ ይመስል፣ ዳቦ መደርደሪያውን ተደግፎ ነው የጨረሰው።

የማሽኑን ሶኬት ነቀለ፣ ቁልፍ አውጥቶ የክዳኑን ቡሎኖች ፈታ። በናስ የተሞሉት ሦስቱ ጥርሶች ከሌሎቹ መሀል ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ጣቱን እያሳለፈ ቆጠረ። «አርባ» አለ። በመለኪያውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ከቦርሳው ሁለት ካርቶን አወጣ፤ ይሁን አይሁን ብሎ አርባውንም አርባ ሁለቱንም ይዞ መጥቷል። አርባውን አሮጌው ላይ ደርቦ ሲያስጠጋው ጥርስ በጥርስ ገጠመ። ሁሉም «እልል!» አለ፣ ምድጃው ላይ ያለው ሰውዬ ሳይቀር።

ሰውዬው ግን እልልታው መሀል ፊቱ ተቀየረ። «አባትሽ የት ናቸው?» አለ።

እርሾ ደነገጠች። «እሱን ምን ያስፈልጋል? ጉዳዩ አልቋል እኮ።»

«ለእኔ አላለቀም።»

አባቷ ከጓሮ ተጠርቶ መጣ። ጋዜጣውን እንደያዘ፣ የጥፋተኛ ልጅ አቋም ይዞ፣ ሊጡ ክፍል ደፍ ላይ ቆመ። ከደፉ ወዲህ አልመጣም። ሰውዬው ተነሳለትና እጁን ጨበጠው።

«አባት፣ ያን ጊዜ ስንት ጥርስ ያለው ነበር የጠየቁኝ?»

አባቷ ወደ እርሾ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አርባ» አለ። «አርባ ያልኩ ይመስለኛል። ምናልባት ግን…»

«ምናልባት የለም» አለ ሰውዬው። ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ደንበኛ የሚጠይቀውን ሱቁ የሚመዘግብበት፣ ደንበኛውም ፈርሞ ለሱቁ የሚቀር ወረቀት ነው። «አርባ አንዱ አላስተኛ ስላለኝ ሰውዬው መጀመሪያ ምን ነበር ያሉት ብዬ የድሮውን ወረቀት ፈለግኩ። ይኸው፣ በእኔው እጅ ጽሕፈት፦ ባለ አርባ። እርስዎም ፈርመዋል። እጄ ግን ከጎን መደርደሪያ ሠላሳ ስምንቱን አወረደ። ስህተቱ የኔ ነው። በደብዳቤ ይቅርታ መጠየቅ ስለከበደኝም ነው ራሴ የመጣሁት።»

አባቷ ወረቀቱን ተቀበለው። ፊርማውን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ እንደገና ፊርማውን አየ። መነጽሩን ገፋ አደረገ። «አርባ ብያለሁ» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «አርባ ብያለሁ!» ምድጃው ላይ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን ወረወረ። እህቷ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ወረፋ ላይ የቆሙትም ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጨፈሩ፤ የጥሩ ዜና ነገር ማንም ሰው ሳይገባውም ይደሰትበታል።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረ» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ማመልከቻውን ከቦርሳው አውጥቶ። «ይኼ ፋይል ውስጥ የሚገባ ነው። በውሸት አላስገባውም። ይታረም።» አፍታም ሳይሰጣት ማንበብ ጀመረ። «አባቴ በዕድሜ መግፋት ምክንያት…»

«አታንብበው!» አለች እርሾ።

«…የመርሳት ችግር ስላጋጠማቸው» ብሎ ጨረሰ። ሰውዬው ፋይል ብቻ ነው የሚያየው፤ ምስኪን።

ጭፈራው ቆመ። እርሾ ፊቷ ከዱቄቱ በላይ ነጣ። አባቷን ማየት አቃታት። ሁለቴ መጥቶ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ «አረፍ በል» ብላ የመለሰችው ሰው፣ ቁጥሩን አፉ ላይ ይዞ ነበር የተመለሰው። አንዴም አልጠየቀችውም። አንድ ቃል ብትጠይቀው ፎቶም፣ ደመናም፣ አርባ አንድ ጥርስም ባላስፈለጋት ነበር።

«ስጠኝ» አለች። ብዕር ተቀበለች፣ ሊጥ መዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘረጋች። መስመሯን ሰረዘችና ከላይ ጻፈች፦ «ስህተቱ የአባቴ አይደለም። አባቴ የጠየቁት ትክክለኛውን ነው።» ፈረመችበት።

አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ያነባል። ትንፋሹ ጆሮዋ ሥር ይሰማታል።

«ጨምሪበት» አለ።

«ምን ልጨምር፣ አባባ?»

«‹እኔም ጠርጥሬዋለሁ› በይ።»

እርሾ ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ እየሳቁ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የመጋዘኑ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺ እንኳ ለፋይሉ አታስፈልግም» አለ።

«ለፋይሉ አይደለም» አለ አባቷ።

እርሾም ጻፈችው። እያለቀሰች፣ እየሳቀችም፣ በትልልቁ ጻፈችው። አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ከላይ እስከ ታች አንዴ አነበበ፤ ከዚያ አጥፎ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «ለሱቁ ሌላ ጻፊ» አላትና እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ሊጡ ክፍል ገባ።